ብራዚል በሁሉም ነገር ብትበልጠን ቡናችንን ማን ይገዛናል?

እንደምን ዋላችሁ።

ጅማ መጥቶ ስለ ንግድ የሚያወራ ሰው ከቡና ቢጀምር የሚፈርድበት የለም። እኔም ከዚያው ልጀምር።

ብራዚል ውስጥ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች አሉ። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ቡናው በረድፍ ተተክሏል። የመልቀሚያው ማሽን ረድፉን መሀሉ አስገብቶ ይሄዳል፤ ዛፉን እያንቀጠቀጠ ፍሬውን ያራግፋል። አንድ ሾፌር በቀን የሚሰበስበውን ፍሬ እኛ ጋ ለመሰብሰብ ብዙ ለቃሚ ያስፈልጋል። ማና፣ ጎማ ወይም ጌራ ብትሄዱ ቡናው ከጥላ ዛፍ ሥር ነው። ብዙው ቦታ ተዳፋት ነው። ቅርጫት ይዞ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለዩ፣ አንድ በአንድ በጣት መልቀም ነው።

ነገሩ በቡና ቢቆም ጥሩ ነበር። ብራዚል ስኳሩንም፣ አኩሪ አተሩንም፣ ዶሮውንም በገፍ ታመርታለች። አውሮፕላንም ትሠራለች። በአንድ ሠራተኛ ጉልበት ሲሰላ እኛ የምንበልጣትን ነገር ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ታዲያ ዓለም ለምን ሁሉንም ነገር ከእሷና ከመሰሎቿ አይገዛም? እኛስ አንድ ኩንታል እንኳ የምንሸጠው በምን ሒሳብ ነው?

እዚህ ከተማ ይህን ጥያቄ ሳነሳ መጀመሪያ የሚሰጠኝ መልስ «ጣዕማችን!» የሚል ነው። አልክድም። ታጥቦ በጥንቃቄ የተዘጋጀ የሊሙ ቡና ገዢው በስሙ ጠርቶ ነው የሚፈልገው። ግን ከዚህ አካባቢ የሚወጣው ሁሉ እንደዚያ አይደለም። «ጅማ 5» እየተባለ በብዛት የሚላከውን ታውቁታላችሁ፤ በጀንፈል ደርቆ የተፈለፈለ ተራ ቡና ነው። እሱ ገበያ ላይ የሚጋፋው ከብራዚል ደረቅ ቡና ጋር ነው። እሱም ይሸጣል። ስለዚህ ጣዕም ብቻውን መልስ አይሆንም።

መልሱን በቁጥር አስቀምጦ ያሳየን ዴቪድ ሪካርዶ የሚባል የለንደን ሰው ነው። ሀብቱን ያፈራው በአክሲዮንና በመንግሥት ብድር ሰነድ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው የኢኮኖሚ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ውጭ ንግድ በጻፈው ምዕራፍ አንዲት አጭር ምሳሌ አለች። ዛሬ የምቆየው እሷ ላይ ነው። ምሳሌዋ ስለ ጨርቅና ስለ ወይን ጠጅ ናት። ወይን ጠጅ የማይጠጣ ሰው እዚህ አዳራሽ እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ምሳሌው የሱ ስለሆነ ታገሱኝ።

ሁለት ሀገር አሉ፤ እንግሊዝና ፖርቱጋል። እንግሊዝ አንድ የተወሰነ መጠን ጨርቅ ለመሥራት የ100 ሰው የአንድ ዓመት ጉልበት ይፈጅባታል። የተወሰነ መጠን ወይን ጠጅ ለማምረት ደግሞ 120 ሰው። ፖርቱጋል ያንኑ ጨርቅ በ90 ሰው፣ ያንኑ ወይን ጠጅ በ80 ሰው ትሠራለች። ቁጥሮቹን ሪካርዶ ለማስረዳት ብሎ የፈጠራቸው ናቸው፤ የዘመኑ ፖርቱጋል በጨርቅ እንግሊዝን አትበልጥም ነበር። ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው። ፖርቱጋል በሁለቱም ትብለጥ፣ እንግሊዝ በሁለቱም ትነስ፣ ከዚያ ምን እንደሚሆን እንይ ነው ያለው።

አሁን ፖርቱጋል ውስጥ ሆነን እናስብ። ጨርቅ እንፈልጋለን። ራሳችን ከሠራነው 90 ሰው ይሄዳል። ሌላም መንገድ አለ፤ 80 ሰው ወይን ጠጅ ላይ እናሰማራና ምርቱን ለእንግሊዝ ሰጥተን ጨርቋን እንቀበል። ልውውጡ አንድ ለአንድ ከሆነ ጨርቁ በ80 ሰው ገባልን ማለት ነው። አሥር ሰው ተረፈ። ጨርቅ መሥራት ከእንግሊዝ የተሻለ እናውቃለን፤ ቢሆንም እንግሊዝ የሠራችውን መግዛቱ ይረክሳል።

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ወይን ጠጁን ራሳቸው ካመረቱት 120 ሰው ነው። 100 ሰው ጨርቅ ላይ አሰማርተው በጨርቁ ቢለውጡትስ? ሃያ ሰው ተረፈላቸው።

ሁለቱም አተረፉ። ከማን ላይ ተወሰደ? ከማንም። ፖርቱጋል ውስጥ አንድ ጨርቅ ለመሥራት የሚተወው ወይን ጠጅ 90 ሲካፈል ለ80 ነው፤ ከአንድ በርሜል ትንሽ ይበልጣል እንበል። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ጨርቅ ለመሥራት የሚተወው 100 ሲካፈል ለ120 ነው፤ ከአንድ በርሜል ያንሳል። ጨርቅ በወይን ጠጅ ሲለካ እንግሊዝ ውስጥ ርካሽ ነው፣ ፖርቱጋል ውስጥ ውድ ነው። ትርፉ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። የጉልበቱ መጠን በራሱ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የሁለቱ ሀገር ቁጥር ተመጣጣኝ ቢሆን፣ ማለትም እንግሊዝ በሁለቱም ነገር እኩል እጥፍ ብትዘገይ፣ የሚገበያዩበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ኢኮኖሚስቶች አንጻራዊ ብልጫ የሚሉት ይሄን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ይከተለኝና «እሺ፣ በሰው ቁጥር ገባኝ። ነጋዴ ግን ሰው አይቆጥርም፣ ዋጋ ነው የሚያየው» ይላል። ልክ ነው። ከውጭ ገበያ ጋር የሚሠራ ነጋዴ ስለ በርሜልና ጥቅል ጨርቅ አያስብም። የሚጠይቀው የትኛው ይረክሳል ብሎ ነው። ፖርቱጋል በሁለቱም ቀልጣፋ ከሆነች ሁለቱም እሷ ጋ መርከስ የለባቸውም?

አዎ፣ የሁለቱ ሀገር ደመወዝ እኩል ቢሆን ሁለቱም እሷ ጋ ይረክሱ ነበር። ነገሩ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ መምህራን ግን ይዘሉታል።

የፖርቱጋል ሠራተኛ ደመወዝ አንድ ብር ነው እንበል። ብር ያልኩት ለሒሳብ እንዲቀለን ነው። ፖርቱጋል ውስጥ ጨርቁ 90 ብር፣ ወይን ጠጁ 80 ብር ይሆናል። የእንግሊዙ ሠራተኛ 80 ሳንቲም ቢከፈለው፣ የእንግሊዝ ጨርቅ 100 ጊዜ 80 ሳንቲም፣ 80 ብር ነው። ወይን ጠጇ 120 ጊዜ 80 ሳንቲም፣ 96 ብር ነው። እዩት እንግዲህ። ጨርቁ ከእንግሊዝ ይረክሳል፣ ወይን ጠጁ ከፖርቱጋል። ነጋዴው ስለ ሪካርዶ ሰምቶ አያውቅም፤ የረከሰውን ነው የሚገዛው፤ ያም ሆኖ በትክክል ሪካርዶ ያለውን አደረገ።

ደመወዙን ከፍና ዝቅ እያደረግን ብንሞክረው ወሰኑን እናገኘዋለን። የፖርቱጋሉ ደመወዝ አንድ ብር ሆኖ የእንግሊዙ ከ90 ሳንቲም ካለፈ ጨርቋም ይወደዳል፤ ምንም መሸጥ አትችልም። ከ67 ሳንቲም አካባቢ በታች ከወረደ ደግሞ ወይን ጠጇም ይረክስና ፖርቱጋል የምትሸጠው ታጣለች። በመሀል ያለው ሁሉ ለሁለቱም ይሠራል።

ይህች ጠባብ መንገድ ሁለት ነገር ትነግረናለች። አንደኛው ደስ የሚል ነው፤ የቱንም ያህል ወደ ኋላ የቀረች ሀገር የምትሸጠው ነገር አታጣም። ሁለተኛው ደስ አይልም። እንግሊዝ የምትሸጠው አገኘች እንጂ የፖርቱጋልን ያህል ደመወዝ አላገኘችም። ልታገኝም አትችልም፤ ከ90 ሳንቲም በላይ ጣሪያ አለባት። የጅማ ለቃሚ የቀን ክፍያ ከብራዚሉ ማሽን ሾፌር ጋር የማይወዳደረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቡናችን የሚሸጠው በከፊል በጣዕሙ ነው፤ በከፊል ደግሞ የለቃሚው ቀን ርካሽ ስለሆነ ነው። ይህን በአደባባይ መናገር አይመችም፤ ግን ሒሳቡ ይኸው ነው።

ጣሪያውን የሚያነሳው ምርታማነት ነው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሀገራችን ገባ፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከየጫካውና ከየማሳው መርጦ አወጣ። 74110 እና 74112 የምትሏቸው ከእነዚያ ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። በሽታ የማይጥለው ዛፍ በዚያው መሬትና በዚያው ጉልበት ብዙ ፍሬ ይሰጣል። በሪካርዶ ቋንቋ 100 የነበረው ወደ 90፣ ወደ 80 ወረደ ማለት ነው። የደመወዝ ጣሪያው የሚነሳው እንዲህ ነው።

ደመወዙ ከጣሪያው በላይ ቢቀርስ ምን ይሆናል? ሪካርዶ በወርቅ ዘመን ስለነበረ መልሱ ቀላል ነበር። እንግሊዝ እየገዛች ካልሸጠች ወርቋ ወደ ፖርቱጋል ይፈስሳል። እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ ይጠፋል፣ ዋጋና ደመወዝ ይወርዳል፤ ፖርቱጋል ውስጥ ይወደዳል። ጨርቁ እስኪረክስ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። የወረቀት ገንዘብ ባለበት ዘመን ግን መንግሥት የምንዛሪውን ዋጋ ይዞ ማቆየት ይችላል። ያን ጊዜ የሀገሪቱ ደመወዝና ዋጋ በዶላር ሲሰላ ከጣሪያው በላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ይህ መጽሐፍ ላይ ያለ ወሬ አይደለም፤ እዚሁ የኖርንበት ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ዶላሩን 57 ብር አካባቢ ያስብ ነበር፤ ጥቁር ገበያው ደግሞ እጥፍ ገደማ። ያን ጊዜ አንድ የቡና ላኪ እንዴት ያስብ እንደነበር በቀላል ቁጥር ልሥራላችሁ። ቁጥሩ ለማስረዳት የተጠጋጋ ነው።

አንድ ኪሎ ቡና ውጭ 4 ዶላር ያወጣል እንበል። በባንክ ዋጋ 228 ብር ነው። ላኪው ግን እዚህ ከአቅራቢ የገዛው በ260 ነው። በወረቀት ላይ 32 ብር ከስሯል። ታዲያ ለምን ይልካል? ከአራቱ ዶላር ሁለቱን ይዞ የመጠቀም መብት ስላለው ነው እንበል። ሁለቱን ዶላር ለባንክ ሸጦ 114 ብር ያገኛል። በቀሩት ሁለት ዶላር ጎማ ወይም የግንባታ ዕቃ ያስገባል። ዕቃውን እዚህ የሚሸጠው ዶላሩን በ110 ብር አስቦ ነው፤ 220 ብር። ሲደመር 334። በቡናው ከስሮ በጎማው አተረፈ።

ይህን ወሬ እዚህ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። «ላኪው በኪሳራ እየገዛ ነው» እየተባለ በየሻይ ቤቱ ይወራ ነበር። ለቡና አምራቹ መጥፎ አልነበረም፤ እሸቱ ጥሩ ዋጋ አወጣ። የተጎዳው ሌላ ነው። ማር ወይም የቆዳ ዕቃ ልላክ የሚል ሰው፣ የጎማ ማስመጣት ንግድ የሌለው፣ በ57 ብር ሒሳብ ወጪውን መሸፈን አቃተው። ሀገሪቱ ማር መሸጥ ትችል ነበር ወይ? ምናልባት ትችል ነበር። በዚያ ምንዛሪ ግን ማንም ሊያውቀው አይችልም። አንጻራዊ ብልጫችን የቱ ጋ እንዳለ ዋጋው እንዳይነግረን ተደረገ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኑሮው ነገር ምን እንዳመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። እዚህ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሀገር ከመንገዷ ስትወጣ ምልክቱ ይታወቃል፤ ለዶላር ባንክ ላይ ወረፋ ይኖራል፣ ላኪው በሚልከው ይከስራል፣ ሁሉም አስመጪ መሆን ያምረዋል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ «ምንም የምንሸጠው የለንም» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ያለንን በተሳሳተ ዋጋ ይዘነው ነው።

ስለ ትርፉ መጠን አንድ ነገር ልጨምር፤ አጋንኖ የሚያወራው ስለበዛ። ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ዘግታ ቆይታ እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ ወደቦቿን ለንግድ ከፈተች። በርንሆፈንና ብራውን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዘመኑን ዋጋ አሰባስበው ሠሩት። ጃፓን ሐርና ሻይ መሸጥ ጀመረች፤ ውስጥ ርካሽ የነበሩት እነሱ ነበሩ። ሪካርዶ እንዳለው ሆነ። ትርፉ ግን ቢበዛ ከሀገሪቱ ገቢ 8 ወይም 9 በመቶ ገደማ ነው ያሉት። ቀላል አይደለም፤ ግን ድሀን ሀገር በአንድ ጀምበር ሀብታም አያደርግም። ጃፓንን ሀብታም ያደረጋት ከዚያ በኋላ የሠራችው ነው።

ደግሞም የሪካርዶ ምሳሌ ሰውን እንደ ዕቃ ያንቀሳቅሳል። ጨርቅ ሠሪው ዛሬ ሸማኔ፣ ነገ ወይን ተካይ ነው። ሕይወት እንዲህ አይደለችም። ሀገር ባተረፈች ጊዜ ከሳሪው ማን እንደሆነ ምሳሌው አይነግረንም። የፖርቱጋሉ ሸማኔ ከእነዚያ ከተረፉት አሥር ሰዎች አንዱ ነው። «ተረፈ» ማለት ለሱ «ሥራ ፈታ» ማለት ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ እዚህ ልጻፈው፤ ከእኔ ንግግር የተሻለ ስለሆነ። ከወደ አጋሮ የመጡ አንድ አባት ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ስለ ብራዚል አወራህ። እኔ ጋ ግን ጎረቤቴ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ብራዚል ምን አደረገችው?»

እውነታቸውን ነው። ብራዚል ምንም አላደረገችውም። እኔም መጀመሪያውኑ ወደዚህ መምጣት ነበረብኝ።

በሪካርዶ ሒሳብ የፖርቱጋል ጨርቅ የሞተው እንግሊዝ ስለጎበዘች አይደለም። ፖርቱጋል ውስጥ ያንኑ ሰው ወይን ጠጁ ስለፈለገው ነው። የአንድ ምርት ዋና ተፎካካሪ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ያንኑ መሬትና ያንኑ ጉልበት የሚሻማው ሌላው ምርት። ስለዚህ የጅማን ቡና ለማወቅ ብራዚል ስንት ቀን እንደሚፈጅባት መቁጠር አያስፈልግም። አንድ ጥማድ መሬት ቡና ሲሆን ምን ይሰጣል፣ ጫት ሲሆንስ ምን ይሰጣል ብሎ መጠየቅ ነው። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። ጅቡቲና ሶማሌላንድ ገዢ አለው። እርጥቡን የሚወስደው መኪና በሰዓቱ ይመጣል። ቡና በዓመት አንዴ ነው፤ ዋጋውም ኒውዮርክ ላይ ይዋዥቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ላይ ከ4 ዶላር አለፈ። በ2001 የነቀለ ገበሬ በ2025 ቢቆጭ ምን ይጠቅመዋል?

«ታዲያ አሁን ዋጋው ሲወጣ መልሶ ይትከላ» ያለ ወጣት ነበር። አባትየው ሳቁና እኔን ሳይጠብቁ መለሱለት። ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል። ያረጀውን ቡና እጎነድላለሁ ቢልም ከተጎነደለው ዛፍ ሁለት ዓመት ያህል ምንም አይለቀምም። «በሁለቱ ዓመት ልጆቹ ምን ይበላሉ? እሱን ነው ጎረቤቴ ያሰላው» አሉ።